አርባውን በጾም ምግብ ያወጣው የመንግስት ሰራተኛ፦ የአንድ የአዳማ ቤተሰብ ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

እኔ እዚህ አዳማ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ፣ ስራዬ ብዙ ለቅሶ ቤት ያስገባኛል፣ ከለቅሶው በኋላም የሚመጣውን እዳ አያለሁ። ድንኳኑ ሲፈርስ ሰው ይበተናል፣ ቤተሰቡ ግን ከዛ በኋላ ነው ከአበዳሪ ጋር መነጋገር የሚጀምረው። የተዝካር ወጪ ይቀንስ ሲባል ሁሉም አዎ ይላል፣ የራሱ ቤት ሲደርስ ግን ማንም አይቀንስም፣ ምክንያቱም የቀነሰ ሰው ስስታም ተብሎ ከዘመድ መሀል እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ቀንሶ ከዘመድ አልወጣም። እንዴት እንዳደረገው ቁጭ ብዬ ስላየሁ፣ እሱና እናትየውም ስም ሳትጠራ ጻፈው ስላሉኝ ነው የምጽፈው።

ሰውየውና ቤተሰቡ

ሰውየው ወደ አርባ አመት ይጠጋል፣ አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት ግዥ ክፍል ውስጥ ባለሙያ ነው። ያኔ በ2017 ደሞዙ በወር 11 ሺህ ብር ነበር፣ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ እጁ ላይ የሚገባው 7,900 ብር አካባቢ ነበር። ሚስቱ ጤና ጣቢያ ትሰራለች፣ ሁለት ልጆች አሏቸው፣ ኪራይ ቤት ነው የሚኖሩት። በመስሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማህበር ውስጥ 46 ሺህ ብር ነበረው፣ ሌላ ሀብት አልነበረውም።

ወንድምና እህቶቹ ጋር አራት ናቸው። ታላቁ ሞጆ ይነግዳል፣ እህቱ ዱባይ ናት፣ ትንሹ የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ እሱ ሶስተኛ ልጅ ነው ግን ዲግሪ የያዘው እሱ ብቻ ስለሆነ ቤተሰቡ "ባለቢሮው" ነው የሚለው። ይሄን ልብ በሉ፣ ብዙ ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ዘመድ ዘንድ ግዥ ክፍል የሚሰራ ሰው ማለት ብር የሚያልፍበት ሰው ማለት ነው፣ የሚያልፈው ብር የሱ እንዳልሆነ ማስረዳት ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

አባትየው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ እድሜያቸውን ሙሉ ሰርተው ጡረታ የወጡ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ያረፉት ጥር 27 ቀን 2017 ነው። ቀብሩ በስርዓቱ ተፈጸመ፣ እድራችን ድንኳን ተከለ፣ ወንበርና እቃ አወጣ፣ የሚከፈለውን ገንዘብም ከፈለ፣ እዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም።

ችግሩ

ችግሩ የጀመረው በሰልስቱ ማታ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ስለ ተዝካር ማውራት ሲጀምር አርባው መጋቢት 6 እንደሚውል ታወቀ። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ነው የገባው፣ ስለዚህ አርባው ጾም መሀል ነው፣ ስጋ የለም ቅቤ የለም። ከአሰላ የመጡት አጎት፣ የአባትየው ታናሽ ወንድም፣ "በሽሮ ተዝካር አይወጣም፣ አርባው ላይ ፍትሐት ብቻ ይደረግና ድግሱ ለሰማንያው ይሁን" አሉ። ሰማንያው ሚያዝያ 16 ነው፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 12 ስለሆነ ጾሙ ተፈቷል። ሰው ሁሉ ተስማማ።

እዛው ወረቀት ወጣና ታላቅ ወንድሙ ጻፈው። ሁለት ሰንጋ 240 ሺህ፣ ሶስት ኩንታል ጤፍ 45 ሺህ፣ ሽንኩርት በርበሬ ቅቤ ዘይት ምናምን 60 ሺህ፣ መጠጥ 55 ሺህ፣ ቪዲዮ ቀራጭና የአባትየው ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር 20 ሺህ። ድምሩ 420 ሺህ ብር። ከዛ ተከፋፈሉት፣ እህትየው 120፣ ታላቁ 100፣ ሹፌሩ 50፣ ባለቢሮው 150 ሺህ። ማንም አልጠየቀውም፣ ጻፉበት። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቁት፣ ያ ደግሞ ነገሩን ከበደው ምክንያቱም አሁን ዱባይም አሰላም አዲስ አበባም ያለ ዘመድ ሁሉ 150 ሺህ የሚለውን አይቷል።

እዚህ ጋር የበሬ ዋጋ ነገር አለ። የፋሲካ ሰሞን በሬ የሚፈልገው ሁሉም ሰው ነው፣ ስለዚህ ሰማንያው ፋሲካ ሳምንት ላይ መዋሉ ድግሱን ስጋ ባለበት ጊዜ ላይ ቢያደርገውም ስጋው በጣም በሚወደድበት ሰሞን ላይም ነው ያደረገው። ይሄን በሰልስቱ ማታ ያነሳ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የሞከረው፣ ያልሰራው

ሰውየው መጀመሪያ ያደረገው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። አጎቱ ጋር ደውሎ "ጋሼ ይሄን ያህል ገንዘብ የለኝም" አላቸው። መልሱ ወዲያው መጣ፣ "ተበደራ! ቢሮህ ብድር አለ አይደል?" ብድር አለ፣ ግን 150 ሺህ ብር በሶስት አመት ቢከፈል ወለዱን ትተን ዋናው ብቻ በወር ወደ 4,200 ይመጣል። እጁ ከሚገባው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ማህበሩም ከደሞዝ ሲሶ በላይ የሚያስቆርጥ ብድር አይሰጥም፣ የ11 ሺህ ሲሶ 3,700 እንኳን አይሞላም። ይሄን ሲነግራቸው "እንግዲያው ከሰው ተበደር፣ አንተን የማያበድር ማን አለ" አሉት።

"የለኝም" የሚለው ቃል እንደዚህ ነው፣ ዘመድ ከየት እንደምታገኝ እንዲያፈላልግልህ በር ይከፍታል። ሁሉም ከልቡ ሊረዳህ ይነሳል፣ አንዱ አራጣ አበዳሪ ያውቃል፣ አንዱ እቁቡን ቀድሞ ሊያወጣልህ ይፈልጋል። ቀጥሎ ግሩፑ ላይ ረጅም ጽሁፍ ጻፈ፣ ኑሮ እንደተወደደ፣ ደግሶ እዳ ውስጥ መግባት ጥሩ እንዳልሆነ፣ ቤተክርስቲያንም እንደማታዝ ምናምን። ያ ደግሞ ባሰ። እህትየው ከዱባይ ቮይስ ላከች፣ እያለቀሰች ነው የምታወራው፣ "ለአባቴ ነው እንጂ ላንተ አይደለም፣ እኔ ሰው ቤት እየሰራሁ 120 ሺህ ስልክ አንተ ቢሮ ተቀምጠህ ትሰስታለህ" ነው ነገሩ። እውነቷን ነው ያዘነችው፣ ቀብር ላይ አልደረሰችም፣ በገንዘቧ ነው አባቷን ልትሸኝ የፈለገችው። ግሩፕ ላይ ሰው ሁሉ እያየ የተጻፈ ምክር ለሷ ስድብ ነው የሆነባት።

ከዛ በኋላ ግሩፑ ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልጻፈም።

እናትየው ጋር

የተቀየረው ነገር የመጣው ከእናትየው ነው። ሰውየው የአባቱን የጡረታ ጉዳይ ሊጨርስ ወረቀት መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የጡረታ መታወቂያው፣ ፎቶ። ጡረተኛ ሲሞት ለሚስት የሚተላለፈው የአበሉ ግማሽ ነው። አባትየው በወር ያገኙ የነበረው 4,200 ብር ነበር፣ እናትየው የሚያገኙት 2,100 ነው ማለት ነው። ይሄን ከወንድም እህቶቹ አንዳቸውም አስበውት አያውቁም ነበር።

አንድ ማታ እናቱ ጋር ቁጭ ብሎ "እማዬ፣ አንቺ ምን ይሁን ትያለሽ?" ብሎ ጠየቃቸው። እስከዛ ቀን ድረስ ማንም አልጠየቃቸውም፣ ድግሱ ለባላቸው ነው ግን ሀሳቡ የዘመድ ነው። እሳቸው መጀመሪያ "እናንተ ያላችሁት" አሉ፣ እናት ሁሌም እንደዛ ነው የምትለው። እሱ ግን ዝም ብሎ ቆየ። ቆይተው የድሮ ነገር ነገሩት። የአባትየው አባት ሲሞቱ አባትየው ትልቁ ልጅ ስለነበሩ ሁለት በሬ ጥለው ተዝካር አወጡ፣ ወንጂ ሰፈር ሁሉ አወራለት። ለዛ የተበደሩትን ለመክፈል አመታት ፈጀባቸው፣ በዛ መሀል ነው ታላቁ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጦ ሱቅ ተቀጥሮ የገባው። "አባታችሁ ይሄ ነገር እስኪሞት ከልቡ አልወጣም፣ ለማንም ግን አላወራም፣ እኔም አላወራሁም" አሉት። ኩሽናውን አሳዩት፣ ቆርቆሮው ተበልቶ ክረምት ላይ ውሃው ምድጃው ላይ ነው የሚወርደው። ውሃም በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ማጠራቀሚያ ስለሌላቸው በጀሪካን ነው የሚይዙት።

እሱ ይሄን ሲሰማ ለሌሎቹ ለመናገር አልሮጠም፣ ይሄን አደንቃለሁ። "እማዬ ይሄን አጎቴ ፊት ትናገሪዋለሽ?" ብሎ ብቻ ጠየቀ፣ እሳቸውም እሺ አሉ።

አሰላ

በማግስቱ ሳምንት ቅዳሜ አሰላ ሄደ። በስልክ አልሆነም፣ አካሉን ይዞ ሄደ፣ ባዶ እጁንም አልሄደም፣ ቡናና ስኳር ይዞ። አጎትየው ቤት ገብቶ ጉልበት ስሞ፣ ስለ ተዝካሩ ሳያነሳ መጀመሪያ ስለ አባቱ አወሩ፣ ለቅሶው ገና ትኩስ ነው። ከዛ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ የሚጽፈውን ነገር ቀደም ብሎ እኔ ጋር መጥቶ አብረን ስለሰራነው አውቀዋለሁ።

ወረቀቱ የደሞዙን ስሌት አይደለም የያዘው፣ እኔም መጀመሪያ እሱ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን "ደሞዜን ካሳየሁ ልመና ይመስላል" አለ። የያዘው አርባው ቀን ላይ ምን ምን እንደሚደረግ ነው። ጠዋት ቅዳሴና ፍትሐት፣ ቤተክርስቲያን ለነዳያን ምሳ፣ ከዛ ቤት ላይ ለ200 ሰው የጾም ማዕድ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ጠላና ለስላሳ። አንድ ኩንታል ጤፍ 15 ሺህ፣ ወጡ ከነቅመሙ 32 ሺህ፣ መጠጥ 13 ሺህ፣ ቤተክርስቲያንና ነዳያን 20 ሺህ፣ ዳቦ ቡናና ልዩ ልዩ 10 ሺህ፣ ድምር 90 ሺህ። ድንኳን ወንበርና ድስት ከእድር በነጻ። ከስሩ ሌላ ርዕስ አለ፣ "ለእማዬ"፦ የኩሽና ጣሪያና የውሃ ሮቶ፣ 70 ሺህ። ከሱ የሚወጣው 30 ሺህ ለተዝካሩ 10 ሺህ ለሮቶው፣ ከቁጠባው ነው፣ አይበደርም።

አጎትየው አነበቡና "አባትህ እኮ ለአባታችን ሁለት በሬ ነው የጣለው" አሉ። እሱም "አውቃለሁ ጋሼ፣ ስለሱ እማዬ የምትነግርዎት ነገር አለ፣ እርስዎ ሳይሰሙ ሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈልግም" አላቸው። እዛው ደወለላቸውና ስልኩን ሰጥቷቸው ወጥቶ ደጅ ቆመ። ምን እንደተባባሉ ሙሉውን አያውቅም። ሲገባ አጎትየው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር፣ "ወንድሜ ይሄን ሁሉ ብቻውን ነው የከፈለው? እኔ እኮ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ በልቼ ነው የሄድኩት" አሉ። ከዛ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፣ ነዳያን ሲበሉ እኔ ነኝ ቆሜ የማስተናግደው አሉ። እሱም ወረቀቱ ላይ የነዳያን ምሳ ኃላፊ ብሎ ስማቸውን ጻፈ።

ግሩፑ ላይ ያሳወቁት አጎትየው ናቸው፣ በቮይስ፣ አጭር ነው፣ "አርባው ላይ በጾም ይወጣል፣ ሰማንያው በጸሎት ብቻ ይታሰባል፣ ከልጆቹ ጋር ተነጋግረናል" አሉ። እሱ ቢለው የሚነሳው ጭቅጭቅ አልተነሳም።

በሬው

ነገሩ እዚህ ጋር ያለቀ ይመስል ነበር። አርባው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ሰውየው ከስራ ሲመለስ እናቱ ግቢ ውስጥ ቀይ ሰንጋ በሬ የውሃ ቧንቧው አጠገብ ታስሮ አገኘ። ጭድ ተደርጎለታል፣ የሰፈር ልጆች ከበውታል። ያመጣው ትንሹ ወንድም ነው በአይሱዙው። ሲጠየቅ የሰጠው ለሰውየው መስሪያ ቤት እቃ የሚያቀርብ ነጋዴ መሆኑን ተናገረ። ነጋዴው ለቅሶ ደርሶ ነበር፣ እዛ ጋር የሹፌሩን ስልክ ወስዶ "ወንድምህን ሀዘን ላይ አላስቸግረውም፣ ለሰማንያው ይቆይላችሁ፣ እኔ ከልቤ ነው" ብሎ አስጫነው። በዛ ሳምንት ነጋዴው የተወዳደረበት ጨረታ ገና እየተገመገመ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ አለ።

ትንሹ ወንድም ክፉ አስቦ አይደለም። የሱ ድርሻ 50 ሺህ ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ የሹፌር ገቢ ነው፣ ድግሱ ሲቀንስ ደግሞ በሱ ምክንያት የቀነሰ መስሎት አፍሮ ነበር። በሬ ሲሰጡት መፍትሄ ያገኘ መሰለው።

ሰውየው ወንድሙን ሰው ፊት አልጮኸበትም። እኔንና የእድሩን ሰብሳቢ አስጠራን፣ ስንደርስ ወንድሙን ጓዳ አስገብቶ እያወራው ነበር፣ ሰራተኛ ለስራው ምክንያት ስጦታ ሲቀበል በሙስና ህጉ ወንጀል እንደሆነ፣ በሬው በሱ እጅ ባይሆንም በቤተሰቡ በኩል መግባቱ ነገሩን እንደማይቀይረው፣ ንብረቱንም አስመዝግቦ የፈረመ ሰው እንደሆነ እየነገረው ነበር። ግን ያሳመነው ይሄ አይመስለኝም። "እኔ ብታሰር እማዬን የሚያያት ማነው?" ያለው ነው ልጁን ያስደነገጠው።

በሬው በዛኑ ማታ በዛው አይሱዙ ተመለሰ፣ ሰብሳቢው አብሮ ተሳፍሮ ሄደ። በእድሩ ማህተም አጭር ወረቀት ጻፍን፣ ቀኑ፣ የበሬው መልክ፣ ማን እንደመለሰ፣ ማን እንደተረከበ፣ ነጋዴው ፈረመበት። ጎረቤት ሲጠይቅ ያልነው እውነቱን ነው፣ ቤተሰቡ በሬ እንደማያርድ ተስማምቷል፣ ያመጣውም ሰው ምስጋና ተነግሮት ተመልሶለታል። ነጋዴውን በሰፈር ስም ማጥፋት አላስፈለገም። በማግስቱ ጠዋት ሰውየው ለኃላፊው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ የተፈጠረውን አስረዳ፣ ከዛ ጨረታ ግምገማ ራሱን እንዳገለለ አስታወቀ፣ ቅጂውን ገቢ የሚል ማህተም አስመትቶ ያዘ። ይሄ ቅጂ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከወራት በኋላ ስለ ጨረታው ጥያቄ ሲነሳ እሱ ምንም ሳይናገር ፋይሉ ውስጥ ተገኘ።

የቤተሰቡ ሰዎች ነገሩን በትክክል የገባቸው እዚህ ጋር ነው ብዬ አምናለሁ። እስከዛ ድረስ ከአቅሙ በላይ እንዲያወጣ ሲጫኑት ክፍያው ከኪሱ የሚወጣ ነው የመሰላቸው። በሬው ሲመጣ ግን አቅም የሌለው ባለቢሮ ላይ 150 ሺህ ሲጻፍበት ያንን ሊሞላለት የተዘጋጀ ሰው በር ላይ እንደቆመ አዩ።

አርባው ቀን

መጋቢት 6 ቅዳሜ ዋለ፣ ለሰራተኛውም ለሩቅ ዘመድም ተመቸ። ቅዳሴው ጠዋት አለቀ፣ አጎትየው ነጠላቸውን አደግድገው ነዳያኑን እያስቀመጡ እንጀራ ሲያነሱ ሲያቀርቡ፣ ለአንድ አይነ ስውር አዛውንት እጃቸውን ይዘው ወጡ የት የት እንዳለ ሲያሳዩ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤት ላይ የመጣው ሰው ከ200 በላይ ሆነ፣ 240 ይሆናል፣ እንጀራ አለቀና ከሰፈር መግዛት አስፈለገ፣ ወጪው 104 ሺህ ደረሰ። ከታሰበው የበለጠውን 14 ሺህ ታላቅ ወንድም ቻለው።

አንድ ያልታሰበ ጥቅምም ነበረው። በዛ አመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። የሰፈሩ ሙስሊም ጎረቤቶች ፆመኛ ስለነበሩ ምሳ አልበሉም፣ ግን ምግቡ ስጋ የሌለበት ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚበላው ነው፣ ሚስትየው በሳህን በሳህን አድርጋ ለማፍጠሪያ በየቤቱ ላከች። ስጋ ቢሆን ኖሮ ለነሱ ለብቻ ማሳረድ ነበረበት፣ ያም ሌላ ወጪ ነው።

በእርግጥ ያጉረመረመ አልጠፋም። ሁለት የአክስት ልጆች "የወንጂ ሰው በሽሮ ተሸኘ" እያሉ ሲያወሩ ተሰምቷል። አጎትየው ሰምተው "እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አሏቸው፣ እዛው አበቃ።

ከዚህ ወደ ሌላ ቤት የሚወሰደው

ከዛ ወዲህ በእድራችን ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ተመሳሳይ ነገር ሊያደርጉ ሞክረዋል፣ አንዱ ተሳካለት፣ አንዱ አልተሳካለትም። ሳነጻጽራቸው ልዩነቱን የፈጠረው የብሩ መጠን አይደለም። ያልተሳካለት ሰው ልክ እንደዚህኛው መጀመሪያ ላይ እንዳደረገው "አልችልም" ብሎ ጀመረና እዛው ቀረ፣ በምትኩ ምን እንደሚደረግ ይዞ አልመጣም። ዘመድ የሚፈራው ሟቹ ሳይከበር እንዳይቀር ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሚደረገው ነገር ነው፣ የሚቀረው በኋላ ይመጣል። ጸሎቱና ነዳያን ላይ ምንም መቀነስ የለበትም፣ ሰውየው እዛ ጋር እንደውም ጨመረ፣ ስስታም ሊለው የመጣ ሰው የሚይዘው ነገር አጣ።

ሁለተኛው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ባለቤቷ የሞተባት እናት፣ ቀጥሎ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው በአካል ተሂዶ፣ ከዛ ነው ሌላው፣ የሚያሳውቁትም ትልቁ ሰው ናቸው። ይሄ ማስመሰል አይደለም፣ አጎትየው በእርግጥም ወሳኝ ሆነው የራሳቸውን ስራ ጨምረውበታል። ወጣቱ አሸነፈ የሚል ነገር እንዲወጣ አልተፈለገም። ግን ሁሉም ቤት እንደዚህ አይነት አጎት አይኖረውም፣ እውነቱን የሚናገሩ እናትም እንዲሁ፣ ያልተሳካለት ሰው እናት "እኔስ በሬ ካልታረደ አልቀመስም" ብለው ነው የዘጉት። እናት እንደዚህ ካለች በቁጥር ማሸነፍ አይቻልም፣ ያኔ የሚቀረው የራስን ድርሻ ብቻ ቆርጦ መናገርና በዛ መጽናት ነው።

ሶስተኛው ለመንግስት ሰራተኛ ነው፣ በተለይ ግዥ፣ መሬት፣ ገቢዎች፣ ፈቃድ ላይ ለሚሰራ። ቤትህ ሀዘን ወይ ሰርግ ሲኖር ከስራህ ጋር ጉዳይ ያለው ሰው በአንተ በኩል ላይመጣ ይችላል፣ በወንድምህ ወይም በሚስትህ ዘመድ ይመጣል። ስለዚህ በሰልስቱ ወይም ሽማግሌ በተላከ ማግስት ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ከቢሮዬ ጋር ስራ ካለው ሰው ምንም እንዳትቀበሉ፣ ልስጣችሁ የሚል ሰው ከመጣ ለኔ ንገሩኝ፣ ብሎ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ይሄ ሰው ቀድሞ ነግሮ ቢሆን በሬው ግቢው አይደርስም ነበር። ከደረሰ ደግሞ አለማሳደር፣ በምስክር መመለስ፣ በማግስቱ በጽሁፍ ማሳወቅ።

ያለበት ሁኔታ

ጣሪያው ከግንቦት በፊት ተቀየረ፣ ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ተተከለ፣ ሹፌሩ ወንድም ነው እቃውን ሁሉ በነጻ ያመላለሰው። የእናትየው ጡረታ ከሶስት ወር በኋላ ተስተካክሎ መከፈል ጀመረ፣ ወረቀቱን ሁሉ ሰውየው ነው የተመላለሰበት፣ አሁን ልጆቹ በየወሩ ተራ ገብተው 500 ብር ይጨምሩበታል። አጎትየው በ2018 መጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ የሰርጉን ሂሳብ እንዲይዝላቸው ይሄንኑ ልጅ ከአዳማ አስጠሩት፣ ሶስት ቀን አሰላ ተቀምጦ እያንዳንዱን ደረሰኝ ይዞላቸዋል።

እህትየው ግን ከሱ ጋር አልታረቀችም። የላከችውን ብር ለጣሪያው እንዲሆን ፈቅዳለች፣ ለእናቷ ትደውላለች፣ ለሱ ግን ወራት ሙሉ አላናገረችውም፣ በፋሲካ የላከላትን መልእክት አይታ ዝም ብላለች። እሱ የአርባውን ቀን ቪዲዮ በስልኩ ቀርጾ ልኮላታል፣ ቪዲዮ ቀራጩ የቀረው በሱ ምክንያት ስለሆነ። በቅርቡ ለሙት አመቱ እመጣለሁ ብላ ለእናቷ ነግራለች፣ ሰውየውም ያንን ቀን እሷ ባለችው መንገድ እንዲሆን፣ እሱ ድርሻውን 30 ሺህ ላይ ይዞ ሌላውን ለሷ ሊተውላት ከአጎቱ ጋር ተነጋግሯል።